አንዲት «አ» ስትቀር

እስቲ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። እኔ የሰው ስህተት እያረምኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ወልቂጤ ውስጥ አንዲት ጠባብ ኮምፒዩተር ቤት አለችኝ፤ ማመልከቻ፣ አቤቱታ፣ የሽያጭ ውል፣ የሕይወት ታሪክ... ምን አለፋችሁ፣ ሰው በወረቀት የሚለምነውንና የሚዋዋለውን ሁሉ እጽፋለሁ። በእጅ ተሞነጫጭሮ የመጣውን አቃናለሁ፤ የጎደለውን እሞላለሁ። «አንተ እኮ ዶክተር ነህ፣ የፊደል ዶክተር!» የሚሉኝ ደንበኞችም አሉ። እኔም ደስ እያለኝ ዝም እላለሁ።

ታዲያ ይሄ የፊደል ዶክተር በ2012 ዓ.ም. መስቀል ላይ አንዲት ፊደል ጉድ ሠራችው። ያውም የተጻፈች ሳትሆን የቀረች ፊደል! እኔን ብቻ ብታዋርደኝ ባልከፋኝ፤ አብሮ አደግ ጓደኛዬን ከሚያፈቅራት ልጅ ቤት ደጃፍ ልታስቀረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ የሚወዳት ልጅ የቡታጅራ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት በፍቅር ከቆዩ በኋላ ሽማግሌ ለመላክ ተነጋገሩ። መቼም መስቀል ሲመጣ በኛ አገር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አዲስ አበባ ያለው፣ አዋሳ ያለው፣ ነጋዴው፣ ተማሪው፣ ሁሉም ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ይተማል። ሙስሊሙ ወገናችን በአረፋ እንደሚሰበሰበው ማለት ነው። አጎትና አክስት በአንድ ቤት የሚገኙበት ጊዜ ስለሆነ ለሽማግሌም ይመቻል። ስለዚህ ጓደኛዬ ሽማግሌዎቹን አዘጋጀና በመስከረም 14 ቀን ማታ ለልጅቷ በስልኩ መልእክት ላከ፦ «ሽማግሌዎቹ ለመስቀል ይምጡ ወይስ ይቆዩ?» አላት።

መልሱ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ደረሰው። እንዳለ ልጻፍላችሁ፤ አንዲትም ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።

«አባቴ ትሞአል። ሽማግሌውቹ ለመስቅል ይምጡ። ስንገናኝ እንግርሃለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ስልኩን ይዞ ሱቄ ድረስ መጣ። «እስቲ አንብብልኝ፣ አንተ የተበላሸ ጽሑፍ ታውቃለህ» አለኝ። እኔም አየት አደረግኩና ሳቅኩ። «ትሞአል» የሚባል ቃል የለም፤ «ታሟል» ለማለት ነው። «ሽማግሌውቹ» ሽማግሌዎቹ ናቸው። «ለመስቅል» ለመስቀል ነው። «እንግርሃለሁ» ደግሞ እነግርሃለሁ ነው። በአሥር ሰከንድ ውስጥ አራቱን አቃናሁና «አባቷ ታመዋል፤ ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ለመስቀል ይምጡ ነው የምትልህ። ሰውየው ልጃቸው በወግ ስትዳር ሳያዩ አንድ ነገር እንዳይሆኑ ፈርታ ነው። ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት። እሱም ያሰበው ይህንኑ ነበር። ወዲያው «እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን» ብሎ መለሰላት። እሷም «አመሰግናለሁ የኔ ጌታ» አለችው።

ልብ በሉ! ጠየቀ፤ መለሰች፤ እሺ አለ፤ አመሰገነች። በዚያው ቀን ደግሞ በስልክ ለአንዲት ደቂቃ ተገናኝተዋል። እሷ ሐኪም ቤት አባቷን እያስታመመች ነበርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ስለዚያ ነገር ተግባብተናል አይደል?» ትለዋለች። «ተግባብተናል፣ አታስቢ» ይላታል። ያ ነገር! ያ ነገር የቱ እንደሆነ ግን ሁለቱም አልተናገሩም።

መስከረም 18 ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ሚኒባስ ተኮናትረው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ቡታጅራ ገቡ። የልጅቷ አባት ለበዓሉ ብለው ገና በዋዜማው ከሐኪም ቤት መውጣታቸው ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው ጋደም ብለዋል። የመጡትን ሰዎች ሲያዩ ጠያቂ መስለዋቸው ደስ አላቸው። «ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እንዴት ሰማችሁ?» አሉ። ሽማግሌዎቹ በወጉ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። የጉዳዩ ተናጋሪ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጅዎን ለልጃችን ሲሉ... ቤቱ ጭጭ አለ።

አባትዬው ቀስ ብለው ቀና አሉና «እኔ ከሞት አፋፍ ስመለስ ነው ልጄን የምትጠይቁኝ? እስክቀበር መታገስ አቃታችሁ?» አሉ። ከጓዳ የልጅቷ ለቅሶ ተሰማ። «አይምጡ ብዬው ነበር! እኔ አይምጡ ብዬው ነበር!» ወንድሟ ደግሞ «እያወቀ ነዋ የላካቸው! ለአባቴ ክብር የሌለው ሰው ነው» ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎቹ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ምን መሰላችሁ? ልጅቷ የጻፈችው በልቧ «አይምጡ» ነበር። ስልኩ ላይ የወጣው «ይምጡ» ነው። አንዲት «አ» ቀረች። አስታማሚ ሆና ሁለት ሌሊት ያልተኛች ሴት፣ በሐኪም ቤት ኮሪደር ቆማ፣ በአንድ እጇ የጻፈችው ነው። በኋላ ስልኳ ላይ የላከችውን ስታይ ራሷም አላመነችም። «ከመላኬ በፊት አንብቤዋለሁ እኮ!» ትላለች። አንብባዋለች፤ ውሸቷን አይደለም። ግን ሰው የራሱን ጽሑፍ ወዲያው መልሶ ሲያነብ የሚያየው የጻፈውን ሳይሆን ያሰበውን ነው። በኔ ሱቅ ይህን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ደንበኛው ስሙ ተሳስቶ እያለ «ልክ ነው» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የራሴ ነገር ነው። አራት ስህተት ፈልፍዬ ያወጣሁ ሰው አምስተኛው እንዴት አመለጠኝ? ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ቆየሁና በመጨረሻ ገባኝ። አራቱ ስህተቶች የተገኙት ትርጉም የሌለው ቃል ስለፈጠሩ ነው። «ትሞአል» ዓይን ይወጋል፤ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ቆም ይላል፤ ቆም ሲል ደግሞ ዙሪያውን አይቶ ያቃናዋል። «ይምጡ» ግን ደህና ቃል ነው። ዓረፍተ ነገሩም ደህና ነው። ምንም የሚያስቆም ነገር የለውም። እንግዲህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው ማለት ነው፤ መልኩ የሚያስቀው ስህተት አይጎዳም፣ የሚጎዳው ስህተት ደግሞ ልብሱን አሳምሮ ለብሶ ይመጣል።

ከሱቄ ወረቀቶች አንድ ሁለቱን ላንሣና ላስረዳችሁ።

በኛ ፊደል ብዙው ልዩነት ምንም ጣጣ የለውም። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ... «ሥራ» ብለህ ጻፍከው «ስራ»፣ «ዓመት» አልከው «አመት»፣ ማንም አይሳሳትም። አንድ የቅኔ ተማሪ የነበሩ አዛውንት ደንበኛ ነበሩኝ፤ በዚህ ነገር ይቆጡኛል። በግእዝ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ሲወጣ፤ «ሰረቀ» በእሳቱ ሰ ደግሞ የሌባው ነው። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ፀሐይን በሌብነት የሚጠረጥር አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ ባሰ ሁኔታ ብዙ ፊደል ተበላሽቶም ምንም የማይሆንበት ጊዜ አለ። በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ወልቂጤ የምታስተምር አንዲት መምህርት ባሏ ቡታጅራ ስለሆነ ዝውውር ለመጠየቅ መጣች። ያን ጊዜ ሁለቱም ከተሞች በአንድ የጉራጌ ዞን ሥር ነበሩ፤ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ኋላ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አዲሱ ክልል ሲመሠረት ነው። እኔ ሆዬ በችኮላ ከተሞቹን አገላብጬ «ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ እንድዛወር» ብዬ ጻፍኩላት። ሙሉ በሙሉ የተገለበጠ ጥያቄ! የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰው ግን ሳቀና በእስክሪብቶ አስተካከለው። ለምን? ማመልከቻው የተጻፈው ለወልቂጤው መሥሪያ ቤቷ ነው፤ ከግርጌው የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስም አለ፤ ምክንያቱ ላይ «ባለቤቴ ቡታጅራ ስለሚኖር» ይላል። ያው አንድ ነገር በአራት ቦታ ተነግሯል። አንዱ ቢዋሽ ሦስቱ ይመሰክሩበታል።

ከዚህ የምትረዱት፣ የስህተቱ ብዛት መለኪያ እንደማይሆን ነው። መምህርቷ ላይ ሁለት የከተማ ስም ተገለበጠና ምንም አልሆነም፤ ጓደኛዬ ላይ አንዲት «አ» ቀረችና ሦስት ሽማግሌ ተባረረ። ዋናው ጥያቄ የተበላሸው ነገር በሌላ ቦታም ተነግሯል ወይስ እዚያችው ላይ ብቻ ነው ያለው የሚለው ነው። በልጅቷ መልእክት ውስጥ እምቢታው ያለው «አ» ላይ ብቻ ነበር። እሷ ስትቀር የሚመሰክር አልተረፈም።

አማርኛችን ደግሞ እዚህ ላይ ልዩ ባሕርይ አለው። በአንዲት ፊደል ውስጥ ተነባቢውም አናባቢውም አብረው አሉ፤ ስለዚህ የፊደሏ ቤት ስትለወጥ ሰውየውና ሥራው ሊለወጡ ይችላሉ። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» የሚለያዩት በ«ፍ» እና በ«ፈ» ብቻ ነው፤ አንዱ ከኪሱ አውጪ ነው፣ ሌላው የሚወጣው ገንዘብ። ደግነቱ ብዙ ጊዜ ቋንቋው ራሱ ጠባቂ ያቆምበታል። «ኪራዩን ተከራዩ ይከፈላል» ብዬ ብሳሳት «ኪራዩን» የሚለው «ን» ከ«ይከፈላል» ጋር አይስማማምና አንባቢው ይነቃል። «አይ-» ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። «ሽማግሌዎቹ ይምጡ»፣ «ሽማግሌዎቹ አይምጡ»፤ ሌላው ቃል ሁሉ ባለበት ቆሞ ሁለቱንም ያስተናግዳል። እሺታና እምቢታ ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላቸው ያለችው አጥር አንዲት ፊደል ናት።

አሁን «ኧረ ተው፣ ከዙሪያው አይታወቅም ነበር ወይ? አባቷ ታመዋል ብላ የለ እንዴ!» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እኔንም ያሞኘኝ እሱ ነው እናንተዬ። ዙሪያው ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። «አባቴ ታሟል፣ ሽማግሌዎቹ አይምጡ» ትርጉም ይሰጣል፤ በታመመ ሰው ላይ ሽማግሌ አይላክም። «አባቴ ታሟል፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ» ደግሞ እሱም ትርጉም ይሰጣል፤ ሳይመሽ ይድረሱልን ማለት ነው። እኔ ሁለተኛውን ታሪክ የፈጠርኩት ጽሑፉ ስላለው አይደለም፤ ዓይኔ ያየውን «ይምጡ» ለማስረዳት ከራሴ አምጥቼ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ ልቡ የሚመኘው እሱኑ ስለነበር በደስታ ተቀበለኝ። ሁለት ታሪክ እኩል ሲቆሙ፣ ሰው የሚመርጠው የሚፈልገውን ነው።

ግን አንድ ፍንጭ ነበረች፤ አምልጣኝ እስካሁን ትቆጨኛለች። ልጅቷ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ፊደል እየመታች አማርኛ በሚያወጣ ኪቦርድ ነው፤ ብዙዎቻችሁም የምትጠቀሙበት ነው። በእንዲህ ያለ ኪቦርድ ተነባቢውን መትተህ አናባቢውን ካልመታህ ፊደሉ ሳድስ ሆኖ ይቀራል። አሁን አራቱን ስህተቶች መልሳችሁ እዩአቸው። «ታ» «ት» ሆነች፤ አናባቢ ቀረ። «ዎ» «ው» ሆነች፤ አናባቢ ቀረ። «ቀ» «ቅ» ሆነች፤ «ነ» «ን» ሆነች፤ ሁሉም አናባቢ የቀረባቸው ናቸው። የደከመች ጣት አናባቢ እየዘለለች ነው! አምስተኛውንም በዚያው መንገድ ፈትሹት። ልትመታ ያሰበችው ይህ ነበር፦

```
aymTu
```

የመጀመሪያዋን አናባቢ ስትዘል የወጣው ደግሞ ይህ ነው፦

```
ymTu
```

የመጀመሪያው «አይምጡ» ነው፤ ሁለተኛው «ይምጡ»። በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ጊዜ አናባቢ የዘለለ እጅ አምስተኛ ጊዜ አለመዝለሉን ማን ዋስ ሆነልኝ? እነዚያ የሳቅኩባቸው አራት ስህተቶች ምንም ጉዳት የሌላቸው ናቸው ብዬ አለፍኳቸው እንጂ ስለ አምስተኛው ሊነግሩኝ የቆሙ ምስክሮች ነበሩ።

ይህ እንግዲህ የኪቦርዱ ዘመን ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ በታይፕ መኪና የኖሩ ሰው ናቸው። በመኪናው ብዙውን ፊደል የሚሠሩት ዋናውን መትተው ቅጥያውን በላዩ በመጨመር ነበር፤ ቅጥያዋን ዘልለህ ካለፍክ «ሉ» ለማለት «ለ» ይቀራል። «የጠመመ ፊደል አያስፈራህ፤ ቀጥ ብሎ የቆመውን ነው ማየት» ይሉኝ ነበር። ያኔ ስለ ቀለም የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ ውስጥ ፈተና አለኝ። አጠራጣሪ ጽሑፍ ሲመጣ ስህተቱን አቃናለሁ፤ ከዚያ ትእዛዙን የያዘውን ቃል፣ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ግስ፣ እገለብጠዋለሁ። «ይሰጠኝ» የሚል ከሆነ «አይሰጠኝ» ቢሆንስ እላለሁ። ተገልብጦ የማይረባ ነገር ከወጣ ዝም ብዬ አልፋለሁ፤ «የሥራ ልምድ አይሰጠኝ» ብሎ የሚያመለክት የለም። ተገልብጦም ደህና ትርጉም ከሰጠ ግን እጄን አነሣለሁ፤ ያን ጊዜ መገመት የለም፣ መጠየቅ ነው።

ባለፈው አንድ የባጃጅ ሽያጭ ውል መጣልኝ፤ በእጅ የተጻፈ ነው። አንድ ቦታ «ቀሪው ገንዘብ በሻጭ ይከፈላል» ይላል። ሻጭ ገንዘብ ተቀባይ እንጂ ከፋይ አይደለም፤ «ለሻጭ» ነው ብዬ ሳልጠይቅ አቃናሁት። ዝቅ ብሎ ደግሞ «የስም ማዛወሪያ ወጪ በሻጭ ይሸፈናል» ይላል። በሻጭም ሊሸፈን ይችላል፣ በገዥም ሊሸፈን ይችላል፤ እንደ ስምምነታቸው ነው። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ስህተት አይመስልም። ግን ሰውየው ላይኛው መስመር ላይ ሻጭ የገባበትን ተሳስቷልና ጠየቅኩ። «ገዥ ነው እንጂ! ማነው ሻጭ ያለው?» ብሎ ሻጩ ዘሎ ተነሣ። ራሱ ነበር የጻፈው።

ቁጥር ደግሞ የባሰበት ነው። ቃል ሲበላሽ ጎረቤት ቃል ይደግፈዋል፤ 6 ወደ 9 ሲለወጥ ግን 9ም ቁጥር ነው። ቼክ ላይ ገንዘቡን በአኃዝም በፊደልም የምንጽፈው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሕጉ የሚያምነው በፊደል የተጻፈውን ነው። በፊደል የተጻፈ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ «ትሞአል» ይሆናልና ይታወቃል።

ስለ «እሺ» ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጓደኛዬ «እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን» ባይላት ኖሮ ነገሩ ያኔውኑ ይገለጥ ነበር። «እሺ» የሚለው ቃል የሰማኸውን አይናገርም፤ መስማትህን ብቻ ነው የሚናገረው። እሷ በልቧ ባለው ላይ እሺ አለኝ አለች፤ እሱ ባነበበው ላይ። ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ «እሺ» ተፈረመ። ትልቁን ከትንሹ አነጻጸርከው አትበሉኝ እንጂ፣ የውጫሌ ውልም እንዲሁ አይደል የተፈረመው? ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ አንቀጽ 17። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ የጣልያንኛው ደግሞ የሚያስገድድ ሆኖ ተገኘ። ያ የፊደል ግድፈት አይደለም፤ ተንኮል ነው ስህተት ነው የሚለውን ለታሪክ ሰዎች እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ሁለቱም ቅጂ ለየብቻው ሲነበብ ደህና ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ሁሉም የየራሱን አንብቦ እሺ አለ። ነገሩ የፈነዳው ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉና እንግሊዝና ጀርመን «በኢጣልያ በኩል ይምጣ» ብለው ሲመልሱ ነው። መጨረሻውን ዓድዋ ያውቀዋል።

ታዲያ ጓደኛዬ በ«እሺ» ፈንታ ምን ይበል ነበር? «ሽማግሌዎቹ መስከረም 18 ቀን ጠዋት ከወልቂጤ ይነሣሉ» ቢል ይበቃ ነበር። የሚያደርገውን ቢነግራት ኖሮ በዚያው ሌሊት ስልኩ ይጮህ ነበር። «ምን ማለትሽ ነው?» ብሎ መጠየቅም አይሠራም፤ «እንዳልኩህ ነዋ!» ነው የምትለው፤ ያለችው ግልጽ መስሏታልና። የገባህን በሌላ ቃል መልሰህ ስትነግረው ነው ሰው «ኧረ በስመ አብ! እንዲህ አላልኩም» የሚለው። የሚላከውም ሰው ቢሆን ዋናውን ነገር በአንዲት ፊደል ላይ አያንጠልጥለው። «አይምጡ፤ ይቆዩ» ብትል ኖሮ «አ» ብትቀርም «ይምጡ፤ ይቆዩ» ይሆናል፤ ያ ደግሞ እርስ በርሱ ይጣላልና ያስቆማል። አንድ ቃል ጭማሪ ነው፤ ዋጋው ምንም።

የነዚያ ልጆች ነገር እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ወንድምየው ለወራት ጓደኛዬን በመንገድ ሲያየው ፊቱን ያዞር ነበር። ልጅቷ ሁለቱን ስልክ ጎን ለጎን አድርጋ ለእናቷ አሳየች፤ እናትየው ሳቀች፣ አባትየው ግን አልሳቁም። እኔ ራሴ ጥር ላይ ቡታጅራ ድረስ ሄጄ «ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባትየው ከሕመማቸው አገግመው ነበር። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ሥራህ ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና ቡና እንዲቀዳልኝ አዘዙ።

ለፋሲካ ሰሞን ሽማግሌ እንዲመጣ በልጅቷ በኩል ተላከ። በዚህኛው ጊዜ ጓደኛዬ መልእክቱን ሳይመልስ ደወለላት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሽማግሌዎቹን ቁጥር ጭምር ነገራት፤ እሷም ደገመችለት። እነዚያው ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ፤ እንደ ወጉ ቆሙ። የልጅቷ አባት ወደ ውስጥ ሲያስገቧቸው ፊታቸው ቆጣ እንዳለ ነበር አሉ።

«ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አሉ። «የአሁኑን ማን ነው ያነበበላችሁ?»